በየጠዋቱ የሚታደስ የክፍያ ሪፖርት እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ጎንደር ውስጥ እየዞሩ ነው፣ ተጠንቀቁ

የግል ትምህርት ቤት የምትመሩ ሰዎች በተለይ ጎንደር ያላችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ። አሁን ማታ 3 ሰዓት ሆኗል፣ ገና ቢሮዬ ነኝ፣ ንዴቱ አልወጣልኝም። ዛሬ ጠዋት ከ4ኛ ለ ክፍል 15 ልጆችን ክፍያ አልከፈላችሁም ብዬ ከክፍል አስወጥቼ ደብዳቤ አስይዤ ወደ ቤት ላክኋቸው። ከ15ቱ 11ዱ ከፍለው ነበር።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ላፕቶፕ ይዞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ "እትዬ አምስት ደቂቃ ብቻ" እያለ የሚገባው ልጅ። አረንጓዴና ቀይ ቀለም ያለው ሰንጠረዥ ያሳያችኋል፣ የሌላ ትምህርት ቤት ነው ይላል፣ ስሙን ግን በእጁ ይሸፍነዋል። እኔን ያለኝ ይህን ነው፣ "ከእንግዲህ ካሸሯን እየጠየቁ አይደክሙም፣ በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ሳይሰለፉ፣ የትኛው ክፍል ስንት ከፈለ ስንት ቀረ የሚለው በቴሌግራም ይደርስዎታል፣ ቀጥታ ከባንክ ጋር የተገናኘ ነው፣ የሰው እጅ አይነካውም።" ለማስገቢያ 38 ሺህ ብር፣ በየወሩ ደግሞ 2,500፣ የስድስት ወሩን ቅድሚያ። 53 ሺህ ብር በአንድ ቀን ከፈልኩ።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ፣ ጥር ጎንደር ውስጥ ከሌላው ወር የተለየ ስለሆነ ነው። በሌላው ወር እስከ 5 ክፈሉ ብለን እንጨርሳለን፣ በጥር ግን እንግዳው ከየሀገሩ ይመጣል፣ ለልጁ ልብስ አለ፣ ለቤቱ ድግስ አለ፣ ወላጁ ሁሉ "ጥምቀት ይለፍልን" ይላል፣ እኛም እስከ 15 እንታገሣለን። ከዚያ ወዲያ የሴሚስተሩ ፈተና ይመጣል፣ የመምህራን ደሞዝም ይደርሳል። ስለዚህ ከጥር 13 እስከ 15 ያሉት ሦስት ቀናት ነው ገንዘቡ የሚገባው፣ እኔም በየጠዋቱ በክፍል በክፍል ማወቅ የምፈልገው በነዚያ ቀናት ነው።

ሪፖርቱ በሰዓቱ ይመጣ ነበር፣ እሱን አልክድም። ጸሐፊዬ ፋይሉን ከቴሌግራም ታወርዳለች፣ ትከፍታለች፣ ፕሪንት አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች። ከላይ "የታደሰበት ቀን" ይላል፣ ሁሌም የዕለቱ ቀን ነው። ቀኑን አይቼ አምናለሁ። ወረቀቱን በፋይል አስቀምጣለሁ።

ዛሬ ጥር 18 የመጣው ወረቀት ላይ 4ኛ ለ ከ46 ተማሪ 31 ከፍሏል፣ 15 ቀርቷል፣ 67 ፐርሰንት፣ ቀይ። ከሁሉም ክፍል የባሰው እሱ ነው። ወርሃዊው 1,800 ስለሆነ የ15ቱ 27 ሺህ ብር ነው። ካሸሯ ግን አርብ ዕለት ነግራኝ ነበር፣ "መምህርት፣ የ4ኛ ለ ወላጅ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰለፍብኝ ነው የከረመው" ብላኝ ነበር። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? "አንቺ ደረሰኝሽን ቁረጪ፣ ቁጥሩን ሲስተሙ ያውቀዋል።" ስምንት ዓመት አብራኝ የሠራች ሴት ናት። አንድ ፋይል አምኜ የሷን አፍ ዘጋሁ። ይህን እስካሁን ራሴን ይቅር አልልም።

ልጆቹ ከወጡ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ አባት መጣ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ልጁን በእጁ ይዞ ነው የገባው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ ከጎኑ ካሸሯ የቆረጠችለትን ደረሰኝ አስቀመጠ፣ ጥር 14 ይላል፣ "መምህርት፣ እኔ ምን ላድርግ? ልጄ በጓደኞቿ ፊት ተጠርታ ወጣች" አለኝ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች፣ የቦርሳዋን ማሰሪያ በጣቷ ትጠመዝዛለች። አፌ ደረቀ። እሱ ሳይወጣ ሁለት እናቶች ገቡ፣ አንዷ ስልኳ ላይ ያለውን የክፍያ መልእክት እያሳየችኝ።

የደረሰኝ ጥራዙን አስመጣሁ። ከጥር 13 እስከ 15 ለ4ኛ ለ ብቻ 11 ደረሰኝ ተቆርጧል። 31 ሲደመር 11፣ 42። ያልከፈሉት አራት ልጆች ብቻ ናቸው፣ 7,200 ብር።

ከዚያ ያስቀመጥኳቸውን አራት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው፣ የ13፣ የ14፣ የ15 እና የዛሬው። 4ኛ ለ በአራቱም 31 ነው። ወላጅ በተሰለፈባቸው ቀናት አንድም አልጨመረም። እሺ ይህን ዘገየ እንበል። 1ኛ ሀ ግን 38 ይላል፣ በነጋታው 39፣ በሦስተኛው ቀን መልሶ 38፣ ዛሬ 40። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ የከፈለ ልጅ ቁጥር እንዴት ይቀንሳል? ማንም ብሩን አልተመለሰለትም፣ ከዚያ ክፍልም የወጣ ልጅ የለም። ያኔ ገባኝ፣ ወረቀቱ ሕይወት ያለው እንዲመስል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቁጥር እየነካካ ነው የሚልከው።

ግን ቀኑ? ቀኑ እንዴት ሁሌ ትክክል ይሆናል? ጸሐፊዬን የጥር 13ን ፋይል ከቴሌግራም እንደ አዲስ አውርጂው አልኳት። ኤክሴሉ ተከፈተ፣ ከላይ ያ ቢጫ መስመር መጣ፣ የታደሰበት ቀን የሚለው ቦታ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 21 ይላል፣ ልክ ነው፣ ጥር 13 ነው። እንደለመደችው `Enable Editing` የሚለውን ነካችው። ዓይናችን እያየ ቀኑ ተቀየረ፣ ጃንዋሪ 26 ሆነ። የዛሬው ቀን። ቁጥሮቹ የድሮው ናቸው፣ ቀኑ ብቻ ዛሬ። ሁለታችንም ዝም አልን። ቀኑ ያለበትን ሳጥን ስትነካው ከላይ የመጣው ይህ ነው፦

```
=TODAY()
```

ይህ ማለት ፋይሉ የተከፈተበትን ቀን ከኮምፒውተሩ ላይ አንብቦ ይጽፋል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የመቼ እንደሆኑ አያውቅም። ይህን ፋይል የዛሬ ዓመት ብከፍተው የዛሬ ዓመት ታደስኩ ይለኛል። እኔ በየጠዋቱ አይቼ የማምነው ቀን የራሴው ኮምፒውተር ቀን ነበር።

ቀጥታ ፒያሳ ቢሯቸው ሄድኩ። ያ "እትዬ" ይለኝ የነበረው ልጅ የለም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሌላ ነው፣ ከስልኩ ላይ ቀና አላለም። ወረቀቶቹን ዘረጋሁለት። "የእናንተ የዳታ ችግር ነው" አለኝ። ከባንክ ጋር ቀጥታ የተገናኘ ነው አላላችሁም ወይ ስለው "ባንክ የልጅ ስም አይልክም እኮ፣ እንዴት ነው እንደዚያ የሚያስቡት" ብሎ ሳቀ። ሳቀብኝ! የናንተ ካሸር የምትልክልንን የስሊፕ ፎቶ ነው የምንመዘግበው፣ በዓል ስለነበር የሚመዘግበው ልጅ ሥራ አልገባም አለ። እና ቁጥሩን ማን ቀየረው ስለው "እርስዎ ርዕሰ መምህር ነዎት ወይስ ኦዲተር?" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ብሩን መልሱልኝ ስል ውሉ ላይ ተመላሽ የለም ይላል አለኝ፣ እውነትም ይላል፣ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

የሚያበግነኝ ስለ ባንኩ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው፣ እኔም ማሰብ ነበረብኝ። ባንክ ስቴትመንት ላይ የሚመጣው የላኪው ስም፣ ቀኑና የብሩ መጠን ነው። አባት ይልካል፣ አክስት ትልካለች፣ አንዳንዱ የሁለት ልጅ 3,600 ባንዴ ያስገባል። ወላጁ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የልጁን መታወቂያ ቁጥር ካልጻፈ፣ ይህ ብር የ4ኛ ለ ነው ብሎ የሚያውቅ ማሽን የለም፣ ልጁን ከብሩ ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው። እኛ ጋ ያ ሰው ካሸሯ ናት። እኔ ደግሞ ዝም ያሰኘኋት እሷን ነው።

እንደዚህ ዓይነት ነገር ከገዛችሁ የትናንቱን ፋይል ዛሬ ክፈቱት፣ `Enable Editing` የሚል ከመጣ ንኩትና ቀኑ ይቀየር እንደሆነ እዩ። በየክፍሉ አጠገብ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥርና የተቆረጠበት ቀን ካልተጻፈ አትቀበሉ። በሳምንት አንዴ አንዱን ክፍል ከጥራዙ ጋር በእጃችሁ ቁጠሩ። ልጅ ከክፍል ከማስወጣታችሁ በፊት ካሸራችሁን ጠይቁ።

የ11ዱን ልጆች ወላጆች ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሁለቱ ስልክ አላነሱም። ነገ ከሰልፍ በኋላ 4ኛ ለ ክፍል ገብቼ በልጆቹ ፊት ስህተቱ የኔ እንደሆነ እናገራለሁ፣ የተጠሩት በልጆቹ ፊት ስለሆነ።

ሌላ ነገር ደግሞ። አንዲት የማውቃት ርዕሰ መምህርት ማታ ደውላ ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት አዘዞ እሷ ጋ መጥቶ ናሙና አሳይቷት እንደነበር ነገረችኝ፣ የትምህርት ቤቱን ስም በእጁ ሸፍኖ። 4ኛ ለ፣ 46 ተማሪ፣ 31 የከፈለ፣ ቀይ ቀለም። ያንን ወረቀት ይዞ ከመጣባችሁ የኔ ትምህርት ቤት ነው፣ ቁጥሩም ውሸት ነው።