እማዬን ትሬድሚል ላይ ያወጧት ለምን ነበር?

ከሚኒሶታ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነው። አራቱ ቀን ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ወንበር ላይ አለቀ።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ይጨንቃታል። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል፣ ለግፊት ደግሞ አቴኖሎል ትወስዳለች። ካርድ አውጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ከፍለን "ትሬድሚል ትሠራለች" ተባልን። ስለ ጉልበቷም ሆነ ስለ መድኃኒቷ የጠየቀን የለም። ባለቤቴ ሚኒሶታ ሲመረመር ነርሷ ቀድማ ደውላ የሚውጠውን ሁሉ አስቆጥራዋለች።

የትሬድሚል ምርመራ በመሮጫ ማሽን ላይ ልብን አሯሩጦ፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂ ይለወጥ እንደሆነ ማየት ነው። ልብ ካልሮጠ ግን የሚታይ ነገር የለም። ከ220 ላይ ዕድሜ ይቀነስና የቀሪው 85 በመቶ ላይ መድረስ አለበት፤ ለእማዬ በደቂቃ 129 ምት መሆኑ ነው። መሣሪያው ገና ሲጀምር እንደ እንጦጦ መንገድ ዳገት ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ጉልበቴ!" ብላ ቆመች። ምቷ 94 ነበር። አቴኖሎሉም የልብ ምት እንዳይፈጥን የሚይዝ መድኃኒት ነው።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። "ነጌቲቭ ነው፣ ደስ ይበላችሁ" አሉን። ወረቀቱን ሳነበው ግን የሚፈለገው ምት ላይ አልደረሰችም ይላል። እና ምኑ ነው ነጌቲቭ? ብሩን መልሱ ስል "ማሽኑ ሠርቷል" ተባልኩ። ማሽኑማ ሠርቷል!

ካዛንቺስ ያገኘነው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቃት "እማማ፣ ዳገት ይወጣሉ?" ብሎ ነው። አይ ስትለው በመድኃኒት የሚሠራ የኢኮ ምርመራ አዘዘላት። አቴኖሎሉን መቼ እንደምታቆም ራሱ ነገረን፤ በገዛ እጅ ድንገት ማቋረጥ አደጋ አለው። ተኝታ ዶቡታሚን በደም ሥሯ ገባ፤ በየሦስት ደቂቃው መጠኑ እየጨመረ ልቧን አስሮጠው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ የልቧን ግድግዳ ይከታተላል። ደም የሚያንሰው ቦታ ልብ ሲፈጥን ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። የእማዬ የታችኛው ግድግዳ ልክ እንደዚያ ሆነ። አሁን የልብ ደም ሥሯ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ እንዲታይ ሪፈር ተጽፎላታል። ያንን "ነጌቲቭ" አምነን ብንቀመጥስ?

ወንድሜ "እኔም ውዱን ልሠራ" ብሎ አብሮን ሄደ። 49 ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ኢሲጂውን አይቶ ሳቀበት፦ "ኢሲጂህ ንጹሕ ነው፣ እግርህ ጤነኛ ነው፣ ትሬድሚል ይበቃሃል።" የልቡ ግራ የኤሌክትሪክ መስመር የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ግን በትሬድሚል የሚወጣው ኢሲጂ ስለማይነበብ እሱም ምስል ያስፈልገው ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ሮጦ 150 ምት ደረሰ፣ ደህና ነው። የከፈለውም ከእማዬ በጣም ያነሰ ነው።

እኔ ትኬቴን አራዝሜያለሁ። ለመጀመሪያው ክሊኒክ የከፈልኩት ብር እስካሁን አልተመለሰም።