አዲስ አበባ ወይስ ስልክ? የልጅ ምርመራና ቴራፒ ከጅማ ሲታይ

ጅማ ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። ልጃቸው መናገር የዘገየባቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "አዲስ አበባ ወስደን እናሳየው ወይስ ኦንላይን ይበቃል?" እኔም እንደ መምህር ሳይሆን እንደ አክስት ነው የተማርኩት። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የሚናገራቸው ቃላት በጣት ይቆጠራሉ። እማዬ "አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው" ትላለች። እህቴ ግን እንቅልፍ አጣች።

መጀመሪያ የሞከረችው ኦንላይኑን ነው። አዲስ አበባ ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ከልጅ ጋር መንገዱ ብቻ ቀን ይበላል፣ ማደሪያ አለ፣ ከሥራ መቅረት አለ። ስልኩ ላይ ያለው ባለሙያ ዋጋው ሲታይ ርካሽ ነበር።

ያ የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። እህቴ ስልኩን በእጇ ይዛ ልጁን ታሳድዳለች። ልጁ ስክሪኑ ላይ ራሱን ሲያይ ሳቀ፣ ከዚያ ቀዩን ምልክት ተጭኖ ጥሪውን ዘጋው። ሁለተኛ ተደወለ። እማዬ ከኋላ ቆማ "ላም በል! ላም በል!" ትለዋለች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ ማንም ማንንም መስማት አቃተው። ባለሙያው በማግሥቱ "ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፣ ኦቲዝም ይመስላል" ብሎ ጻፈ።

እስቲ ሁለቱን ነጥሎ ማየት ነው። አይዞርም የተባለው ልጅ ጆሮው አልታየም ነበር። ይህ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። ከተማችን ውስጥ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ ከሁለቱም ታምቡሮች ጀርባ ፈሳሽ ተገኘ። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል፣ የእሱም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስሙ ሲጠራ መዞር ጀመረ። ንግግሩ ግን አሁንም የዘገየ ነው፤ ፈሳሹ ሁሉንም አላብራራም። "ሰው ዓይን ውስጥ አያይም" የተባለው ደግሞ የካሜራ ጣጣ ነው። ካሜራው ከላይ ነው፣ የሰውየው ፊት ከስር ነው። ፊቱን የሚያይ ልጅ ባለሙያው ዘንድ ወደ ታች ያየ ይመስላል።

በአካል የሚደረገው ምርመራ ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ጆሮ፣ የአፍ ውስጥ፣ የላንቃና የምላስ እንቅስቃሴ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ በኩብ የሚሠራ ፈተና፣ እነዚህ እጅ ይፈልጋሉ። ለኦቲዝም በስፋት የሚሠራበት ኤዶስ የሚባለው ምርመራም የተዘጋጀው ባለሙያውና ልጁ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እንዲጫወቱ ነው፤ በቪዲዮ ሲሠራ ነጥቡ ነጥብ አይሆንም። ለቪዲዮ ታስቦ የተሠራም አለ። አሜሪካ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዘጋጁት መሣሪያ እናት ስታጫውት ባለሙያው እያየ የሚሞላው ነው። ግን ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፣ የእኛ ልጅ ዕድሜው አልፏል። ስለዚህ ማንም ሰው በስልክ አይቶ የልጅዎን የአእምሮ ደረጃ በቁጥር ከጻፈ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

ድምፅም ይጠፋል። የተለመደው የስልክ ጥሪ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል፤ የ"ሰ" ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። የቪዲዮ ጥሪም ኔትወርኩ ሲደክም ድምፁን ይጨምቀዋል። እናም "ሰ" እና "ፈ"ን፣ "ሰ" እና "ጸ"ን ለመለየት ባለሙያው ይገምታል። መላው ቀላል ነው። ልጁ ሲናገር በስልክ ቅረጹና በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ያኔ አይጨመቅም።

አሁን ስልኩ የሚበልጥበትን ልንገራችሁ። ልጁ አዲስ አበባ ሲደርስ ደክሞታል፣ ሰው አያውቅም፣ ከእናቱ ጉያ አይወጣም። ቤቱ ግን የእሱ ነው። የአባቱ እናት አፋን ኦሮሞ ታወራዋለች። ቃላቱን ቁጭ ብለን ስንቆጥር በአማርኛ ሰባት፣ በኦሮምኛ አምስት ሆነ፦ ቢሻን፣ ኮቱ፣ ኣናን እያለ። በአማርኛ ብቻ የቆጠረ ሰው ግማሽ ልጅ ነው ያየው። ስልክ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ መምረጥ ይቻላል። በአካል ሲሆን ግን ያገኙት ነው።

ቴራፒው ደግሞ ሌላ ነው። ኦንላይን ቴራፒ በሚል ስም ሁለት ነገር ይሸጣል። አንዱ ልጁን ስክሪን ፊት አስቀምጦ ሥዕል ያሳየዋል። ስምንት ዓመት የሞላው፣ አንድ ፊደል ብቻ የሚያስቸግረው ልጅ ከሆነ ይሄ ጥሩ ይሠራል። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ቴሌቪዥን ነው። ሁለተኛው እናትን ያሠለጥናል። እህቴ የያዘችው ይህንኛውን ነው። አንድ ጆሮዋ ላይ ኤርፎን ታደርጋለች፣ ስልኩ ላይ ያለችው ባለሙያ የምትናገረውን ልጁ አይሰማም። እህቴ ክዳኑ የጠበቀ የቆሎ ማሰሮ ልጁ ፊት ታስቀምጣለች። ልጁ ያጉረመርማል። "አትክፈችለት፣ አምስት ቁጠሪ" ትላታለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... እህቴ ሁልጊዜ ሦስት ላይ ነበር የምትከፍትለት። አንድ ቀን አምስት ላይ ልጁ ቀና ብሎ አያትና "ክፈቺ" ለማለት "ክፊ" አለ። ሳምንቱን ሙሉ የሚደገመው ይሄ ነው፤ ባለሙያዋ ሳትኖርም።

ለመግዛት ስትደውሉ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "በቴራፒው ሰዓት መጫወቻውን የሚይዘው ማነው?" "እርስዎ ነዎት" ካሉ ቀጥሉ።

የቤቱ ዝግጅት ብዙ አይደለም፣ ግን ነገሩን የሚያበላሸው እሱ ነው። ስልኩን እጅ ላይ አትያዙ። እኛ የጅማን በርጩማ ላይ አስደግፈነዋል። ምንጣፍ ላይ ለተቀመጠ ልጅ ልክ ዓይኑ ደረጃ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፣ የእናትና የልጅ እጅ ሁለቱም ይታይ። መስኮቱ ከኋላ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከጎን ይሁን። ዙም የምትጠቀሙ ከሆነ Hide Self View የሚለውን ተጫኑ፣ ልጁ ከራሱ ጋር መጫወት ያቆማል። ክረምት ከሆነ ጠዋት ያዙ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ቤት ማውራት ዘበት ነው። ፓወር ባንክ ሞልቶ ይደር። ለአንድ ሰዓት ግማሽ ጊጋ ያህል ዳታ ይያዝ። መጫወቻው ሦስት ይብቃ፣ ሌላው ይደበቅ። እማዬን በተመለከተ "ስሙ እንዳይጠራ፣ መልስ እንዳይነገረው" ብለን ቡና እንድታፈላ ጓዳ ሰደድናት። ተቀየመች፣ ግን ተሳካ።

አዲስ አበባም አልቀረም። በጥር ሄዱ፣ አንዴ ብቻ። የሦስት ሳምንት ቪዲዮ፣ የጆሮው ወረቀትና የቃላቱ ዝርዝር ቀድሞ ተልኮ ስለነበር ሰዓቱ በጥያቄ አላለቀም። የአዲስ አበባዋ ባለሙያ አፉን አየች፣ ኩብ አስደረደረችው፣ መሬት ላይ አብራው ተቀመጠች። የቆሎ ማሰሮውን እህቴ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ሄዳ ነበር።