«ጂተር 0.1 ፒኮሰከንድ» የሚል ኦሲሌተር ከመግዛታችሁ በፊት «ከየት እስከ የት?» ብላችሁ ጠይቁ

ኦንላይን ገበያ ላይ የ100 ሜጋ ሄርዝ ኦሲሌተር ሞጁሎች «እጅግ ዝቅተኛ ጂተር፣ 0.1 ፒኮሰከንድ» እየተባሉ ከተራው ኦሲሌተር በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጣሉ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም፤ ገዢውን የሚጎዳውም እውነት ሆኖ ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው። በሶፍትዌር ለሚሠራው የኤስዲአር ሬዲዮ መቀበያ፣ ሲግናልን ወደ ቁጥር ለሚቀይረው ኤዲሲ ወይም ለድምፅ መሣሪያ የሥራውን ምት የሚሰጥ ሰዓት ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ ዕቃውን ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ መመለስ የማይታሰብ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፍጹም የሆነ ኦሲሌተር በስፔክትረም ላይ ቢታይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ በሆነ ነበር። እውነተኛው ግን በመስመሩ ግራና ቀኝ እየሳሳ የሚወርድ ቀሚስ አለው። ፌዝ ኖይዝ የሚባለው ቁጥር፣ ከመሐሉ በተወሰነ ርቀት ላይ በ1 ሄርዝ ስፋት ውስጥ ያለው ጫጫታ ከዋናው ሞገድ ምን ያህል እንደሚያንስ ይነግረናል፤ መለኪያውም ዲቢሲ በሄርዝ ነው። ጂተር ደግሞ ያንኑ ነገር በጊዜ በኩል ያየዋል፦ የሞገዱ ጠርዝ መድረስ ከነበረበት ቅጽበት በስንት ሰከንድ ይቀድማል ወይም ይዘገያል?

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ቀሚሱን መደመር ያስፈልጋል። ድምር ደግሞ መነሻና መድረሻ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ዳርቻዎች ያልተጻፉበት የጂተር ቁጥር «መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳይናገሩ እንደ መተው ነው።

ሻጮች የሚወዱት ዳርቻ ከ12 ኪሎ ሄርዝ እስከ 20 ሜጋ ሄርዝ ያለው ነው። ይህ መስኮት የመጣው ሶኔት ከሚባለው የኦፕቲካል ፋይበር ቴሌኮም ደረጃ ሲሆን እዚያ በቂ ምክንያት አለው። የተቀባዩ ፒኤልኤል፣ ማለትም ምቱን ከሚመጣው ሲግናል ጋር የሚያስማማው ወረዳ፣ ዝግተኛውን መወዛወዝ ራሱ እየተከተለ ስለሚያስተካክለው ከ12 ኪሎ ሄርዝ በታች ያለው ብዙም አይጎዳም። የኤዲሲ ሰዓት ግን የሚከተልለት የለም። ከመሐሉ አጠገብ ያለው ጫጫታ በሙሉ በቀጥታ በምትለኩት ሲግናል ላይ ይታተማል።

አሁን አንድ ሞጁል በቁጥር እንየው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ እንግዳ ያልሆነ ሠንጠረዥ እንውሰድ፦ በ10 ሄርዝ ርቀት −70፣ በ100 ሄርዝ −100፣ በ1 ኪሎ ሄርዝ −125፣ በ10 ኪሎ ሄርዝ −145፣ በ100 ኪሎ ሄርዝ −155፣ ከ1 ሜጋ ሄርዝ ጀምሮ እስከ 20 ሜጋ ሄርዝ −160። ስሌቱ እያንዳንዱን ዲቢ ወደ ተራ ቁጥር ይመልሳል፤ በነጥቦቹ መካከል በሎግ ሚዛን ቀጥ ያለ መስመር ስቦ ይደምራል። ድምሩን በ2 ያባዛል፤ ምክንያቱም ሠንጠረዡ የቀሚሱን አንድ ጎን ብቻ ነው የያዘው። ሥሩን ሲያወጣ ራዲያን ያገኛል፤ ራዲያኑን ለ2π እና ለኦሲሌተሩ ፍሪኩዌንሲ ብዜት ሲያካፍለው ሰከንድ ይሆናል።

```python
import math
f0 = 100e6
f = [10, 100, 1e3, 1e4, 1e5, 1e6, 2e7]
L = [-70, -100, -125, -145, -155, -160, -160]
A = 0
for i in range(len(f)-1):
    r = f[i+1]/f[i]
    s = (L[i+1]-L[i])/10/math.log10(r)
    a = 10**(L[i]/10)*f[i]
    if abs(s+1) < 1e-9:
        A += a*math.log(r)
    else:
        A += a*(r**(s+1)-1)/(s+1)
print(math.sqrt(2*A)/(2*math.pi*f0))
```

ከ10 ሄርዝ ሲጀመር ውጤቱ 1.6 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ነጥቦች አውጥታችሁ በምትካቸው 12 ኪሎ ሄርዝን በ−145.8 ብታስገቡ ግን ወደ 0.103 ፒኮሰከንድ ይወርዳል። ዕቃው ያው ነው፤ ሠንጠረዡም ያው ነው፤ ልዩነቱ ግን ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ከ100 ሄርዝ ብትጀምሩ ደግሞ 0.21 ፒኮሰከንድ ታገኛላችሁ። ክፉኛ የሚያበላሸው ከ10 እስከ 100 ሄርዝ ያለው ክፍል መሆኑን ይህ ያሳያል።

ከዚህ የባሰ ነገር አለ። በሻጩ መስኮት ውስጥ ካለው ድምር 90 በመቶው የመጣው ከ1 ሜጋ ሄርዝ በላይ ካለው ጠፍጣፋ ወለል ነው። ያንን ወለል የሚወስነው በዋናነት የማጉያው ወረዳ ነው፤ ከመሐሉ አጠገብ ያለውን ግን በይበልጥ የክሪስታሉ ጥራት ይወስነዋል። ስለዚህ ሻጩ ጥሩውን ክሪስታል አውጥቶ ርካሽ ቢያስገባበት እንኳ የማስታወቂያው 0.1 ፒኮሰከንድ እምብዛም አይነቃነቅም። ተጨማሪ የከፈላችሁት ለክሪስታሉ ከሆነ ቁጥሩ ስለ እሱ ምንም አይመሰክርም።

ሌላው የሚደበቀው ስፐር ነው፤ ከቀሚሱ ወጥቶ ለብቻው የሚቆም ቀጭን መስመር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከርካሽ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ወይም ከሲንተሳይዘር ይመጣል። በግራና በቀኝ −60 ዲቢሲ የሆነ አንድ ጥንድ ስፐር በ100 ሜጋ ሄርዝ ላይ ብቻውን 2.25 ፒኮሰከንድ ይጨምራል፤ ከላይ ካሰላነው ቀሚስ ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው። የመለኪያ መሣሪያዎች ስፐርን ከድምሩ የማውጣት ምርጫ ስላላቸው «ስፐር ተካቷል ወይስ ወጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስፐር በዲቢሲ እንጂ በዲቢሲ በሄርዝ ስለማይለካ ከላይ ባለው ኮድ ውስጥ እንደ ሌላ ነጥብ አታስገቡት። ለብቻው አስሉና ሁለቱን ጂተሮች በየራሳቸው አባዝታችሁ ከደመራችሁ በኋላ ሥሩን አውጡ።

ፍሪኩዌንሲውንም ሳታዩ አታወዳድሩ። በ10 ሜጋ ሄርዝ የተለካ −100 እና በ100 ሜጋ ሄርዝ የተለካ −80 በጊዜ ሲታዩ እኩል ናቸው፤ ፍሪኩዌንሲው በ10 ሲባዛ ፌዝ ኖይዙ 20 ዲቢ ይጨምራልና። የ10 ሜጋ ሄርዙን ሠንጠረዥ ለ100 ሜጋ ሄርዝ ዕቃ የሚለጥፉ ማስታወቂያዎች ካያችሁ ግዢውን እዚያው ላይ አቁሙት።

እንደ ማስረጃ የሚቀርቡ ፎቶዎችንም እንመልከት። በሰፊው ተከፍቶ የተነሳ የስፔክትረም ስክሪን ላይ የሚታይ «ቀጭን» መስመር ምንም አያረጋግጥም። በርካሽ የእጅ ስፔክትረም አናላይዘር የምታዩት ቀሚስ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው የራሱ እንጂ የኦሲሌተሩ አይደለም፤ −145 የሚያህል ነገር በእሱ አይታይም። መሣሪያው ጥሩ ቢሆን እንኳ የስክሪኑን ንባብ በማጣሪያው ስፋት ማረም ያስፈልጋል፤ በ1 ኪሎ ሄርዝ ማጣሪያ −95 የተነበበው −125 ዲቢሲ በሄርዝ ገደማ ነው።

የኦስሲሎስኮፕ ፎቶም ያታልላል። ስኮፑ በአንዱ ጠርዝ ላይ ትሪገር አድርጎ ከ10 ናኖሰከንድ በኋላ የሚመጣውን ቀጣዩን ጠርዝ ሲያሳይ፣ በ10 ሄርዝ የሚወዛወዘው ስህተት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ለመለወጥ ፋታ ስለማያገኝ ሁለቱም ጠርዞች አብረው ይንሸራተታሉ። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ቆሞ ይታያል፤ ኤዲሲያችሁ ውስጥ ግን ስህተቱ አለ።

ለሻጩ የምትልኩት መልእክት አጭር ይሁን፦ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የተለካ፣ ቢያንስ ከ10 ሄርዝ የሚጀምር የፌዝ ኖይዝ ሠንጠረዥ ከነስፐሩ ላኩልኝ። ሠንጠረዡ ከመጣ ቁጥሮቹን ኮዱ ውስጥ አስገብታችሁ ለራሳችሁ ሥራ የሚሆነውን ዳርቻ ምረጡ። «0.1 ፒኮሰከንድ ነው» የሚለው መልስ ብቻ ከተደገመላችሁ ተራውን ኦሲሌተር በተራው ዋጋ ግዙ።