«ካት 6ኤ ነው» የተባላችሁትን ገመድ ሳትፍቁ እንዳትገዙ

ሀዋሳ ውስጥ ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ ላላችሁ ሁሉ፦ የኔትወርክ ገመድ ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። አንዴ ከተለሰነ በኋላ ገመድ መቀየር ምን ያህል እንደሚያናድድ አይቻለሁ።

አክስቴ አቶቴ አካባቢ ቤት ስትሠራ አንድ ሱቅ ገብታ የኔትወርክ ገመድ ጠየቀች። ባለሱቁ ካት 6ኤ የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን አወጣላት። «እናቴ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ኢንተርኔቱን ያፈጥንልዎታል» አላት። ዋጋውም ከሌላው ሱቅ ካት 6 ትንሽ ይረክሳል። እዚህ ጋ መጠርጠር ነበር፤ ካት 5ኢ፣ ካት 6 እና ካት 6ኤ ከሚባሉት ሦስት የኔትወርክ ገመድ ደረጃዎች እውነተኛ ካት 6ኤ ውዱ ነው።

ቤቱ አልቆ ከገቡ በኋላ የግቢው በር ካሜራ አስቸገረ። ቀን ደህና ይሠራል። ሲመሽ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ካሜራው ተበላሽቷል ተብሎ በአዲስ ተቀየረ። አዲሱም ያው ሆነ።

በኋላ የመጣው ቴክኒሻን ቴስተሩን ይዞ በር ላይ ጠበቀ። ካሜራው 12 ቮልት የሚያገኘው በዚያው ገመድ ውስጥ ባሉት ትርፍ ሽቦዎች ነው፤ ርዝመቱም 40 ሜትር ያህል ነው። ቀን ሲለካ በሩ ጋ 10 ተኩል ቮልት ያህል ይደርሳል። ሲጨልም ካሜራው ለማታ እይታ የሚጠቀምባቸው መብራቶች ሲበሩ ግን ብዙ ኃይል ይስባል፤ ቮልቱም ከ9 በታች ወረደ። ካሜራው የሚጠፋው ለዚህ ነው። ደረጃውን በጠበቀ መዳብ ቢሆን ኖሮ በዚያ ርቀት የሚባክነው አንድ ቮልት ቢሆን፣ ቢበዛ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ከዚያ ገመዱን ቆርጦ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቃት። ቀዩ ቀለም ወዲያው ተነሳ፤ ውስጧ እንደ ብረት ድስት ነጭ ነው። አሉሚኒየም ላይ ስስ መዳብ የተለበጠበት ገመድ ነው፤ ነጋዴዎች ሲሲኤ የሚሉት። ሽቦው ራሱ ቀጭን ነው። አሉሚኒየም ደግሞ በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍም ይሰበራል። የኔትወርክ ገመድ ደረጃዎች ንጹህ መዳብ ነው የሚጠይቁት፤ ስለዚህ ሲሲኤ ላይ የተጻፈው ካት 6ኤ ይሁን ካት 5ኢ ትርጉም የለውም።

ፎቅ ላይም ችግር ተገኘ። የአንዱ ክፍል ሶኬት ውስጥ አንዲት ሽቦ ተሰብራለች። አንድ ጊጋቢት እንዲሠራ ስምንቱም ሽቦዎች መገናኘት አለባቸው። አንዷ ከጎደለች ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ኔትፍሊክስም ዩቲዩብም ስለሚሠራ ማንም አያውቅም። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ በገመድ ከሶኬቱ ጋር አገናኙትና ፓወርሼል ላይ ይህን ጻፉ፦

```
Get-NetAdapter
```

Ethernet በሚለው መስመር ላይ፣ LinkSpeed ከሚለው ሥር 1 Gbps ካለ ጥሩ ነው። ራውተሩም ላፕቶፑም ጊጋቢት እየቻሉ 100 Mbps ካለ ሶኬቱን አስፈቱ።

ታዲያ የቱን እንግዛ? ለአብዛኛው ቤት ንጹህ መዳብ ካት 5ኢ ይበቃል። እስከ 100 ሜትር አንድ ጊጋቢት ይሸከማል፤ ቤታችን የሚገባው ኢንተርኔት ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ገመዱ የሚለሰን ከሆነና የዋጋ ልዩነቱ ካልከበዳችሁ ካት 6 ውሰዱ። ወደፊት አሥር ጊጋቢት ብትፈልጉ እስከ 55 ሜትር ያህል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም ክፍል ወደ ራውተር ይደርሳል። ካት 6ኤ አሥሩን ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ለማድረስ የተሠራ ነው። ወፍራም ነው፣ በጠባብ ቱቦ አልሄድ ይላል፣ የራሱን ጫፍና ሶኬትም ይፈልጋል። ለመኖሪያ ቤት አልመክረውም። ካት 6ኤ ተብሎ የቀረበላችሁ ገመድ እንደ ካት 5ኢ የቀጠነና የሚተጣጠፍ ከሆነ ደግሞ ሳትፍቁትም ተጠራጠሩ። የትኛውም ቢሆን ኢንተርኔት አያፈጥንም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የከፈላችሁበት ፓኬጅ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ምላጭ ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ስንዝር አስቆርጡ፤ ለናሙና የተሰቀለውን አትቀበሉ። ሽቦዋን ላጡና ፍቁ፤ ጫፏንም እዩ። እስከ ውስጧ ቀይ መሆን አለባት። ባለሱቁ አላስቆርጥም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ስትከፍሉም ደረሰኙ ላይ «ንጹህ መዳብ» ተብሎ ይጻፍላችሁ። የአክስቴ ደረሰኝ «የኔትወርክ ገመድ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ልትመልስ ስትሄድ ባለሱቁ «መዳብ ነው ብዬ አልሸጥኩም» ብሎ ሸኛት። የበሩን ገመድ በንጹህ መዳብ ካት 5ኢ አስቀየረች፤ ካሜራው አሁን ማታም አይጠፋም። የፎቁ ግን ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ነው።