የ40 ካሬ አረንጓዴ ጣሪያ ከ17 ወር በኋላ፦ የያዘውና ያልያዘው

በግንቦት 2016 የተነጠፈው ይህ ተክል የሚበቅልበት አረንጓዴ ጣሪያ አሁን በጥቅምት 2018 ሁለት ክረምት አሳልፏል። ያረፈው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ሶሌታ ላይ ነው። ስፋቱ 5 በ8 ሜትር ሲሆን በሊሾ 2 በመቶ ተዳፋት ተሰጥቶት ወደ ሁለት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች ይፈስሳል። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ የውሃ መከላከያውና የማንጣፈፊያው ፕላስቲክ እስካሁን እንከን አልወጣላቸውም። ችግር የመጣው ከሁሉ ርካሽ ከሆነው ነገር፣ በቱቦው አፍ ዙሪያ ከተጠቀለለው ጨርቅ ነው።

ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር፣ ሊሾው ላይ በእሳት የሚለጠፍ ባለ 4 ሚሊ ሜትር የሬንጅ ሜምብሬን ሁለት ድርብ አለ፤ የላይኛው ሥር የማይበሳው ዓይነት ነው። የጣሪያውን ዳር በሚከበው አጭር ግንብ፣ በፓራፔቱ ላይ ደግሞ ከአፈሩ ወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተለጥፏል። ከእሱ በላይ ወፍራም መከላከያ ጨርቅ፣ ቀጥሎ የእንቁላል መያዣ የሚመስለው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ቀጭን የማጣሪያ ጨርቅ፣ በመጨረሻም 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ይመጣል። ፕላስቲኩ ውሃ ይዞ የሚያቆየው ጽዋዎቹ ወደ ላይ ሲሆኑና ትርፉን የሚያፈስሱት ቀዳዳዎች ከጽዋዎቹ አፍ አጠገብ ሲገኙ ነው። ሠራተኛ ገልብጦ ካነጠፈው ውሃው በሙሉ ይወርዳል፣ ተክሉም በጥር ይደርቃል። ሜምብሬኑ እንደተለጠፈ ቱቦዎቹ ተደፍነው 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ48 ሰዓት ተኝቶበታል። ይህን ፈተና ሳያዩ ሌላውን ማንጠፍ አይገባም፤ በኋላ ጣሪያው ቢያንጠባጥብ ቀዳዳውን ለማግኘት ሁሉንም ማንሳት ይጠይቃል።

ወደ ክብደቱ እንምጣ። የቤቱን ንድፍ የመረመረው የስትራክቸር ኢንጂነር ከሊሾው በላይ ለሚጫነው ነገር ሁሉ፣ የሚወጣውን ሰው ጨምሮ፣ በካሬ 250 ኪሎ ፈቀደ። ይህ ቁጥር የዚህ ሶሌታ ብቻ ነው፤ ለሌላ ቤት አይዋስም። አፈሩ ከዚህ ውስጥ ስንቱን እንደሚወስድ ለማወቅ የሚያስፈልገው ባለ 20 ሊትር ባልዲና ሚዛን ነው። ባልዲው ከሥሩ ተበስቶ ለአፈርነት በተዘጋጀው የቀይ አሽና የኮምፖስት ድብልቅ ይሞላል፣ ውሃ እስኪጠግብ ድረስ አንድ ቀን ይነከራል፣ ከዚያ ተንጠፍጥፎ ይመዘናል። የኛ ድብልቅ 26 ኪሎ መጣ፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በካሬ 130 ኪሎ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ቱቦው በተደፈነ ቀን በጠጠሮቹ መካከል ያለው አየርም በውሃ ይተካል። ስለዚህ ቀዳዳውን ደፍኖ እስከ አፉ በውሃ ሞልቶ እንደገና መመዘን ያሻል፤ ሁለተኛው ሚዛን 30 ኪሎ፣ ማለትም በካሬ 150 ኪሎ ሰጠ። ሜምብሬኑ 10፣ በፕላስቲኩ ክፍተት የሚተኛው ውሃ 15፣ ተክሉ 10፣ ርጥብ ጨርቆቹ 3 ኪሎ ሲደመሩበት 188 ይሆናል። ለሰው የሚተርፈው በካሬ 62 ኪሎ ነው።

ያው ባልዲ ከግቢ በተቆፈረ አፈር ተሞልቶ 39 ኪሎ መዝኗል። በዚህ ስሌት ጠቅላላው 233 ይገባል፣ 17 ኪሎ ብቻ ይቀራል። የግቢ አፈር ጣሪያ ላይ የማይወጣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ጭቃ ሆኖ ማጣሪያውን መድፈኑ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ውሃው ከአፈሩ በላይ ካልተኛ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር በካሬ 10 ኪሎ ይጨምራል። ስለዚህ በፓራፔቱ ላይ የተበሳው ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ቀዳዳ ከአፈሩ ወለል እኩል ነው፤ ከዚያ ከፍ ማድረግ ስሌቱን ያፈርሰዋል።

ድብልቁ ከ8 እጅ የተነፋ ቀይ አሽና ከ2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት የተሠራ ነው። ዳር ዳሩ 30 ሴንቲ ሜትር በጠጠር ስለተያዘ አፈር ያረፈው 32.5 ካሬ ላይ ነው፤ 3.25 ኪዩብ ይሆናል። ስለሚረግብ 15 በመቶ ተጨምሮ 3.75 ኪዩብ ገባ፤ 3ቱ አሽ፣ ቀሪው ኮምፖስት።

እንከኑ የወጣው በመጀመሪያው ነሐሴ ነው። ዝናቡ ቆሞ ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ እንኳ በአንዱ ቱቦ አጠገብ አፈሩ ሲረገጥ ውሃ ይተፋ ነበር። በቱቦው አፍ ላይ የተቀመጠው ክዳን ያለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ለዚህ ቀን ነው የሚገዛው። ተከፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ከተገኘ የተደፈነው ቱቦው ነው። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ዙሪያው ረግረግ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ሳጥኑ መድረስ አቅቶታል ማለት ነው፤ የኛው ይህ ነበር። አሹ ቢነፋም አልታጠበም ነበርና ዱቄቱ ከውሃው ጋር ተጉዞ ሳጥኑን በጠቀለለው ማጣሪያ ጨርቅ ላይ ተለጠፈ። ጨርቁ ሲነሳ ቀይ ሊጥ የተቀባ ይመስል ነበር፤ ከቧንቧ ሥር ሲያዝም ውሃ አያሳልፍም።

መፍትሔው ጨርቁን ከሳጥኑ ላይ ጨርሶ ማስወገድ ነው። አሁን በሳጥኑ ዙሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ድረስ አፈር የለም፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ የታጠበ ጠጠር ነው ያለው። ጨርቁ በአፈሩና በጠጠሩ መካከል ቆሞ ቀርቷል፤ ውሃ የሚያልፍበት ስፋቱ በብዙ እጥፍ ስለጨመረ ጥቂት ዱቄት አይዘጋውም። በሁለተኛው ክረምት ረግረጉ አልተመለሰም። አዲስ ለሚገዛ ሰው፣ አሹን በግልጽ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በጥብጦ ማሳደር ነው። በአሹ ላይ የተኛው ጭቃ የአሹን ቁመት አንድ አሥረኛ ካለፈ ታች ሳለ ይታጠብ።

ተክሉ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በካሬ 16፣ በጠቅላላው 520 ችግኝ በሰኔ መግቢያ ተተከለ። ወፍራም ቅጠል ያለው ሴደም ከሁሉ በልጧል፤ በረዶ ቆራርጦት የተበተነው ቅጠሉ ራሱ ሥር አውጥቶ ባዶ ቦታ ሸፈነ። ጦስኝም ደጋ ላይ በስስ አፈርና በድንጋይ መካከል የለመደ ስለሆነ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ የተጎዳው ረግረጉ አጠገብ የነበረው ብቻ ነው። ጤና አዳም ቁመቱ ሲጨምር ነፋስ ይነቀንቀዋል፣ ለ10 ሴንቲ ሜትር አይመከርም። ሳር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወፍራም አፈርና የማያቋርጥ ውሃ ሊያዘጋጅ ነው፤ ይህ ጣሪያ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በሳምንት በካሬ 10 ሊትር ብቻ ይጠጣል።

ከኮምፖስቱ ጋር ተደብቆ የወጣው ሰርዶ እስካሁን አልጠፋም። ወፍ የምትጥለው የሾላና የዋርካ ፍሬም በጠጠሩ ዳር ይበቅላል፤ በክረምት በየወሩ ጣት በምታህልበት ጊዜ ካልተነቀለች ሥሯ ወደ ሜምብሬኑ መጋጠሚያ ይሄዳል። መንቀል በእጅ ብቻ ነው። ዶማና መኮትኮቻ እዚህ ጣሪያ ላይ አይወጡም።