ላምዳ ወይስ ክላውድ ራን፦ የጥያቄ ጎርፍ ሳይታሰብ ሲመጣ

አዲስ አገልግሎት በሰርቨርለስ፣ ማለትም ሰርቨሩን ራሳቸው ሳያስተዳድሩ፣ ሊጀምሩ ያሰቡ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ የአማዞኑን ላምዳ እንውሰድ ወይስ የጉግሉን ክላውድ ራን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የአገልግሎቱ ጊዜ በአብዛኛው የሌላ ሥርዓት ምላሽ በመጠበቅ የሚያልፍ ከሆነና ተጠቃሚው በስንት ሰዓት እንደሚጎርፍ በእርግጠኝነት ካልታወቀ፣ እኔ ክላውድ ራንን እመርጣለሁ። የምመርጠው ፈጥኖ ስለሚነሳ አይደለም፤ በሁለቱም ላይ ከባድ ፕሮግራም ለመነሳት ሰከንዶች ሊወስድበት ይችላል። ልዩነቱ ያለው አንድ የተነሳ ኢንስታንስ፣ ማለትም አንድ የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ ይይዛል በሚለው ላይ ነው፤ የወር ሂሳቡንም የሚወስነው ይኸው ነው።

በመደበኛው ላምዳ ላይ እያንዳንዱ ኢንስታንስ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ከመጣ ሌላ ኢንስታንስ ይነሳል፤ ይህም ኮዱን ጭኖ፣ ላይብረሪዎቹን ከፍቶና ከዳታቤዙ ጋር ተገናኝቶ እስኪጨርስ ተጠቃሚው ይጠብቃል። ኮልድ ስታርት የሚባለው ይህ ጥበቃ ነው። ክላውድ ራን ግን አንዱን ኢንስታንስ ለብዙ ጥያቄዎች ያካፍለዋል፤ ካልተቀየረ በስተቀር መጠኑ 80 ሲሆን፣ እስከ 1000 ከፍ ማድረግም ይቻላል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ እንየው። ለሥልጠና ምዝገባ የሚቀበል አገልግሎት አለ እንበል። በተለመደው ጊዜ በሰከንድ 2 ጥያቄ ይመጣለታል፤ ምዝገባ መከፈቱን የሚገልጽ መልእክት ሲላክ ግን በአንድ ጊዜ ወደ 200 ያሻቅባል። እያንዳንዱ ጥያቄ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የክፍያ ማረጋገጫ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ ዳታቤዙ የሚነካው 30 ሚሊሰከንድ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በእርግጥ የሚሠራው ደግሞ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በአንድ ጊዜ ተይዘው የሚገኙ ጥያቄዎች ብዛት፣ ማለትም ኮንከረንሲው፣ በሰከንድ የሚመጡትን ጥያቄዎች አንዱ በሚፈጀው ጊዜ በማባዛት ይገኛል። ስለዚህ በጎርፉ ሰዓት 200 በ0.25 ሲባዛ 50 ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ያገኝና ስሌቱን እዚያው ላይ ያቆማል።

ስህተቱ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው። ኢንስታንሱ ለመነሳት 2 ሰከንድ የሚፈልግ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቅጽበት አንዱ ጥያቄ የሚፈጀው ጊዜ 0.25 ሳይሆን 2.25 ሰከንድ ነው። በእነዚያ 2 ሰከንዶች ውስጥ 400 ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ከቀድሞው ጀምሮ የነቃው አንድ ኢንስታንስ ጥቂቱን ቢያነሳም፣ አዲስ ከሚነሱት አንዱም ገና ስላልተለቀቀ ላምዳ ወደ 400 የሚጠጉ ኢንስታንሶችን ያስነሳል። ጎርፉ ከተረጋጋ በኋላ ለሥራው የሚበቁት 50 ናቸው። ኮልድ ስታርት ምላሽን ከማዘግየቱ በላይ የሚፈለገውን ኮንከረንሲ ራሱን ስምንት እጥፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱን እንደ ተለያዩ ችግሮች የሚያይ ገዢ ይህን ዋጋ ሳያውቀው ይከፍላል።

ጉዳቱ የሚያርፈው መጀመሪያ ዳታቤዙ ላይ ነው። እያንዳንዱ የላምዳ ኢንስታንስ ሥራ ባይኖረውም እንኳ የራሱን ኮኔክሽን ይዞ ይቆያል፤ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ካልተቀየረ በስተቀር የሚፈቅደው ጠቅላላ የኮኔክሽን ብዛት 100 ነው። 400 ኢንስታንሶች ሲያንኳኩ `FATAL: sorry, too many clients already` የሚለው መልእክት ሎጉን ይሞላዋል። ይህን ለመከላከል ብዙዎች በላምዳው ላይ ሪዘርቭድ ኮንከረንሲ የሚባለውን ገደብ 80 ያደርጉታል። ገደቡ ዳታቤዙን በእርግጥ ያድነዋል፤ ይሁን እንጂ 80ዎቹ ኢንስታንሶች በ0.4 ሰከንድ ውስጥ ተይዘው ስለሚያልቁና እስከ 2.25ኛው ሰከንድ ድረስ ስለማይለቀቁ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰከንዶች ከመጡት 400 ሰዎች መካከል 320 ያህሉ ጥያቄ በዝቷል የሚለውን የ429 ስህተት ተቀብለው ይመለሳሉ። በመካከል ኮኔክሽን የሚያጋራ ፕሮክሲ ማቆም የተሻለ መፍትሔ ነው፤ እሱም ግን ራሱን የቻለ ወርሃዊ ክፍያ አለው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዕለቱ ሪፖርት ምንም ላያሳይ ይችላል። በሰከንድ 2 ጥያቄ በቀን ከ172 ሺህ በላይ ስለሚሆን፣ 400 ኮልድ ስታርት ከዚህ 0.23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የዕለቱ 99ኛ ፐርሰንታይልም፣ ማለትም ከመቶ ጥያቄ 99ኙ የማያልፉት የምላሽ ጊዜ፣ አይነካም። ስለዚህ የላምዳን ሎግ የሚመረምር ሰው በቀን ሳይሆን በደቂቃ ከፋፍሎ ማየት አለበት፦

```
filter @type = "REPORT"
| stats count(*) as total, count(@initDuration) as cold,
  max(@initDuration) as slowest by bin(1m)
```

`@initDuration` የሚመዘገበው ኢንስታንሱ አዲስ ሲነሳ ብቻ ስለሆነ፣ የ`cold` ቁጥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንገት ካሻቀበ ጎርፉ የመጣበት ሰዓት ያ ነው። `ConcurrentExecutions` የሚለውንም መለኪያ በአማካይ ሳይሆን በከፍተኛው መመልከት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋጋው። ላምዳ ላይ ኢንስታንሶችን አስቀድሞ አንቅቶ ለማቆየት ፕሮቪዥንድ ኮንከረንሲ ይገዛል። በአሜሪካ ምሥራቅ ሪጅን ዋጋው በጊጋባይት ሰከንድ 0.0000041667 ዶላር ስለሆነ፣ 1 ጊጋባይት ያለው አንድ ኢንስታንስ ለ30 ቀን ነቅቶ ሲቆይ 10.80 ዶላር ያስከፍላል። ለምሳሌያችን የሚያስፈልጉት 50 ስለሆኑ የመጠባበቂያው ብቻ ሂሳብ 540 ዶላር ነው። ክላውድ ራን ላይ 1 ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ያለው አንድ ኢንስታንስ ሥራ ፈትቶ ወሩን ሙሉ ቢጠብቅ 12.96 ዶላር ነው፤ ለሁለት 25.92። በ10.80 ዶላር የሚገዛው የአንድ ጥያቄ ቦታ ሲሆን፣ በ12.96 ዶላር የሚገዛው የበርካታ አሥር ጥያቄዎች ቦታ ነው። ጥያቄ የሚስተናገድበት ጊዜ ለብቻው ይታሰባል፤ ያም ተጨምሮ ምሳሌያችን ክላውድ ራን ላይ በወር ከ60 ዶላር በታች ሲያልቅ፣ ላምዳ ላይ ከ50ዎቹ መጠባበቂያ ጋር 550 ዶላር ያልፋል። መጠባበቂያ የሌለው ላምዳ ግን ከሁሉም ርካሹ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ 23 ዶላር ገደማ ነው። ገዢው የሚመዝነው እንግዲህ በዚያ ቅጽበት የሚጎዱት 400 ሰዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ነው።

እኔ ራሴ ባለፍኩበት አንድ ፕሮጀክት መጠባበቂያውን ገዝተን ለሁለት ወር ያህል ያለ ጥቅም ከፍለናል። ፕሮቪዥንድ ኮንከረንሲ የሚታሰረው በአንድ ቨርዥን ወይም ወደ ቨርዥን በሚጠቁም ስም፣ ማለትም በአሊያስ ላይ ነው፤ እኛም በአሊያሱ ላይ አስረነው ነበር። ከፊት የሚቀበለው ኤፒአይ ግን ጥሪውን የሚልከው አሊያሱን ሳይጠራ በቀጥታ ገና ቨርዥን ወዳልተሰጠው የኮዱ ቅጂ፣ ወደ `$LATEST` ነበር። የነቁት ኢንስታንሶች ማንም ሳይጠራቸው ሲጠብቁ፣ ተጠቃሚው አዳዲሶቹ እስኪነሱ ይጠብቅ ነበር። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ ለማወቅም የሚያስፈልገው አንድ መለኪያ ማየት ብቻ ነበር። `ProvisionedConcurrencyInvocations` ዜሮ ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው።

ከዚህ ወጪ ለመሸሽ በየ5 ደቂቃው ላምዳውን የሚጠራ ትንሽ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ አሉ። ይህ የመጠባበቂያው ደካማ ቅጂ ነው። አንድ ጥሪ የሚያነቃው አንድ ኢንስታንስ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሰው በተመሳሳይ ቅጽበት ሲመጣ ያው ኮልድ ስታርት ይጠብቀዋል።

ክላውድ ራንን ለምሳሌያችን ሳዘጋጅ የምጽፈው ይህን ነው፦

```
gcloud run services update registration \
  --concurrency=40 --min-instances=2 \
  --max-instances=8 --cpu-boost
```

ከቁጥሮቹ አንዱም በግምት የተቀመጠ አይደለም። በሰከንድ 200 ጥያቄ በ5 ሚሊሰከንድ ሲባዛ የአንድ ፕሮሰሰር ሙሉ ጊዜ ስለሚሆን አንድ ኢንስታንስ ይጨናነቃል፤ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በግማሽ አቅማቸው ይሠራሉ፤ 50ዎቹ ጥያቄዎችም 25 በ25 ይከፈላሉ። አንዱ ኢንስታንስ 10 ኮኔክሽን ይዞ ለጥያቄዎቹ የሚያካፍል ፑል ቢኖረው፣ ስምንቱ ቢነሱ እንኳ ከ80 ስለማያልፉ ዳታቤዙ አይታነቅም። የኢንስታንሱ ከፍተኛ ብዛት በፑሉ ተባዝቶ ከዳታቤዙ ገደብ ማነስ አለበት፤ ይህን ሳያሰሉ `--max-instances`ን ከፍ ማድረግ የላምዳውን ችግር ወደዚህ ማምጣት ነው።

ክላውድ ራን የራሱ አደጋዎች አሉት። አንደኛው፣ ቦታ ሲሞላ ጥያቄውን ወዲያው አይመልስም፤ 10 ሰከንድ ወይም የአማካይ መነሻ ጊዜውን 3.5 እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል በወረፋ ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ የአቅም ማነስ መጀመሪያ የሚታየው በ429 ሳይሆን በዘገየ ምላሽ ነው። ሁለተኛውና እጅግ የሚያሳስበኝ ኮዱ ራሱ ነው። ለላምዳ የተጻፈ ኮድ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደሚመጣ አምኖ የተጠቃሚውን መለያ በግሎባል ቫሪያብል አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ኮድ ሳይታረም ወደ ክላውድ ራን ሲዛወር የአንዱ ሰው መረጃ ለሌላው ይታያል፤ ብቻውን የሚሞክረው ፕሮግራመር ደግሞ ይህን በጭራሽ አያየውም። ከመዛወር በፊት በተለያዩ አካውንቶች ሃምሳ ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ልኮ እያንዳንዱ መልስ የጠያቂው መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ኮዱ እስኪታረም `--concurrency=1` ማድረግ ይቻላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን የዋጋው ብልጫ በሙሉ ይጠፋል።

ላምዳን የምመክርባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ፎቶ እንደ ማሳነስ ያለ ፕሮሰሰሩን ሙሉ ጊዜ የሚይዝ ሥራ ከሌላ ጥያቄ ጋር ኢንስታንስ በመጋራቱ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ማንም ተቀምጦ መልሱን የማይጠብቀው የጀርባ ሥራም በኮልድ ስታርት አይጎዳም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎርፉ የሚመጣበት ሰዓት አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። 50ዎቹን ኢንስታንሶች በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲነቁ በፕሮግራም ማስያዝ በወር 22.50 ዶላር ገደማ ነው፤ ከመደበኛው የላምዳ ሂሳብ ጋር ተደምሮ 45 ዶላር ያህል ይሆናልና ከክላውድ ራኑ ይረክሳል። የምዝገባውን መልእክት የሚልከው ክፍል ሰዓቱን አስቀድሞ የሚያሳውቅና የማያዛባ ከሆነ፣ ላምዳ ላይ ያለ ሰው ባለበት ይቆይ እላለሁ።