ሶላር፣ ጄኔሬተር ወይስ ቆጣሪው ብቻ? የአንድ የሳቢያን ቤት የአምስት ዓመት ሂሳብ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን ፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ማንም ቤት ውስጥ ያለ ሰው በእስክርቢቶ ይጽፍበታል። ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ስደምረው በወር 40 ሰዓት ገደማ መጣ። አብዛኛው ሁለት ሦስት ሰዓት እየጠፋ የሚመለስ ነው፤ ስድስት ሰዓት የሞላው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። የዚህን ወረቀት ነገር ያነሳሁት ያለ እሱ ከዚህ በታች ያለው ሂሳብ ሁሉ ግምት ስለሚሆን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ እንኳ የከዚራው ሰዓት የሳቢያኑ አይደለም፤ አንዳንዴ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ቤት ሌላ መስመር ላይ ስለሆነ እኛ ስንጨልም እነሱ ቴሌቪዥን ያያሉ።

ዋጋዎቹ እኔ ገበያ ወጥቼ ስጠይቅ የተነገሩኝ ናቸው። ነገ ይቀየራሉ፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ተኩበት፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ቆጣሪው። አምስት ሰው ነን። ፍሪጅ፣ ሦስት ቬንትሌተር፣ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ በሳምንት ሁለቴ የሚጣድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ሁሉም ተደምሮ በወር 195 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ስለተወሰነ ከዛሬው ሂሳብ ይልቅ ከፍ ያለውን ልያዝ ብዬ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ6 ብር አሰላሁት። በወር 1,170 ብር፣ በአምስት ዓመት 70,000 ብር ይሆናል። ሌሎቹ ሁለቱ በዋጋ አይጠጉትም፤ እንደማይጠጉት ቀጥሎ ታያላችሁ። ስለዚህ ቆጣሪውን ትቶ ሙሉ በሙሉ በሶላር መኖር መስመር ላልደረሰው ሰው እንጂ ሳቢያን ላለ ሰው አይደለም። የእኛ ጥያቄ ያቺን 40 ሰዓት በምን እንሙላት ነው።

በእነዚያ ሰዓቶች የግድ የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ፍሪጁ በአማካይ 60 ዋት፣ ሁለት ቬንትሌተር 120፣ አምፖልና ዋይፋይ 50 አካባቢ፣ ቴሌቪዥን 70፤ ድምሩ 300 ዋት ነው። ምጣዱን አላስገባሁም። ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል፤ ቀጥሎ የማወራው ጄኔሬተርም ትንሹ ባትሪም አይችለውም። መብራት ሲጠፋ እንጀራ ይገዛል፣ ወይ እስኪመጣ ይጠበቃል።

ጄኔሬተር ሲገዛ ርካሽ ይመስላል። 2.5 ኪሎ ቪኤ የሚባለውን የቤንዚን ጄኔሬተር 60,000 ብር አሉኝ። 2.5 የሚለው ወደ ዋት ሲመጣ 2,000 ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ሙቀቱም ሲጨመርበት ሞተሩ ያንንም አይሰጥም። ሐረር ሲወጣ ደግሞ፣ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ፣ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

ትልቁ ጉዳት ግን ይህ አይደለም። እንዲህ ያለው ጄኔሬተር ሥራ ቢኖርም ባይኖርም በአንድ ፍጥነት ነው የሚዞረው። 300 ዋት ብቻ ስትጭኑበት ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብቻ ቤንዚን ይጠጣል፤ የእንዲህ ያለው ማሽን ፍጆታ በሰዓት 0.6 ሊትር አካባቢ ነው። 40 ሰዓት ማለት በወር 24 ሊትር ነው። ሊትሩን በ130 ብር ስይዘው በወር 3,120፣ በአምስት ዓመት 187,000 ብር ለቤንዚን ብቻ ይወጣል። በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ 260 ብር ማለት ነው፤ ከቆጣሪው 6 ብር አጠገብ አስቀምጡት። የቤንዚን ሰልፉንና በጀሪካን አንቀዳም የሚባልባቸውን ቀኖች ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁም።

በዚያ ላይ አምስት ዓመት 2,400 ሰዓት ነው። ዘይቱ ቢያንስ በየ100 ሰዓቱ ካልተቀየረ፣ ካንዴላውና የአየር ማጣሪያው ካልታዩ ሞተሩ ያረጃል፤ ርካሹ ማሽን ደግሞ ያን ያህል ሰዓት ፋሻ ሳይቀየርለት መድረሱን እጠራጠራለሁ። ለዘይትና ለጥገና 40,000 ብር ያዝኩ። ጠቅላላው 287,000 ብር አካባቢ ሆነ።

(አንድ ነገር እዚህ ሳልናገር አላልፍም። ጄኔሬተሩን በረንዳ ላይ፣ መስኮት ሥር አታስነሱት፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ተኝቶ ያለ ሰው አያውቀውም። ጄኔሬተሩን ሁለቱም ጫፉ ወንድ መሰኪያ በሆነ ገመድ ሶኬት ላይ መሰካትም አለ፤ ይህ መስመር ላይ የወጣ ሠራተኛ ይገድላል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ማዞሪያ አስገጥሙ።)

አሁን ሶላር። ሰው «ሶላር» ሲል አንድ ዕቃ ይመስለዋል፤ ሦስት ዕቃ ነው። ፓነል፣ ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተር። ሻጭ ሦስቱን አንድ ላይ አስሮ ነው ዋጋ የሚናገረው፤ እኔ ለያይቼ ስጠይቅ ነው ነገሩ የበራልኝ። መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ ፓነሉ አይደለም፣ ባትሪው ነው። ባትሪውን ደግሞ ከቆጣሪው ኪሎዋት ሰዓቱን በ6 ብር መሙላት ይቻላል።

25.6 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊትየም ባትሪ 105,000፣ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር 50,000፣ ገመድ፣ ብሬከርና የእጅ ሥራ 15,000፤ 170,000 ብር ነው። ባትሪው 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል ይባላል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውን ቀንሳችሁ 300 ዋታችንን ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሸከማል። ከወረቀታችን ላይ ሁሉንም ለማለት ይቻላል ሸፈነው። ደግሞም ድምፅ የለውም፤ መብራት መጥፋቱን አንዳንዴ የምናውቀው ጎረቤት ሲጮህ ነው።

ይኸው ነው ልዩነቱ፦ 170,000 ከ287,000። ሚዛኑ የሚዞርበት ቦታ ግን አለ። ጄኔሬተሩ ከግዢው ሌላ በየሰዓቱ 95 ብር ያህል ስለሚበላ፣ በወር 20 ሰዓት አካባቢ ላይ ሁለቱ በአምስት ዓመት እኩል ይሆናሉ። መብራት በወር አሥር ሰዓት ብቻ የሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሰው ጄኔሬተር ቢገዛ፣ ወይ ምንም ባይገዛና በፋኖስ ቢያልፈው፣ ተሳስተሃል አልለውም።

ፓነሉስ? ሁለት 550 ዋት ፓነል 32,000፣ ብረቱና መስቀያው 18,000 ብር አስወጣኝ። በአንድ ቀን አራት ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጡም እኛ ቀን ላይ የምንጠቀመው ሦስቱን ያህል ነው። በወር 540 ብር ከቆጣሪው ይቀንሳል፣ በአምስት ዓመት 32,000። ስለዚህ 50,000 ብሩን በአምስት ዓመት አልመለሰም፤ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። እኔ የገዛሁት ቀኑን ሙሉ ለሚጠፋው ቀን ነው፤ ያኔ ባትሪው ከሰዓት በኋላ ባዶ አይሆንም። ገንዘብ ካጠረ ፓነሉ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር፤ ብቻ ኢንቨርተሩ ስትገዙ የሶላር መግቢያ ያለው ይሁን።

ፓነሉ የተሰቀለ ዕለት አንድ ነገር ተማርኩ። ጠዋት የኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ሲወጣ አየሁና ደስ አለኝ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 700 ዋት ያህል የነበረው በአንዴ ወደ 300 ወረደ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ባለሙያውን ጠራሁት፣ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሳቀ። «አቦ፣ ሮቶህን አላየኸውም?» የውሃ ሮቶው ጥላ አንደኛው ፓነል ላይ ተኝቷል። ሁለቱ በተከታታይ ስለተያያዙ የአንዱ ጥላ የሁለቱንም ሥራ ያበላሻል። «ታዲያ ስትሰቅለው አንተስ የት ነበርክ?» አልኩት። ወደ ወጥ ቤቱ ጣሪያ አዞረልኝ፣ ለብረቱ ግን እንደገና ከፍያለሁ። ስለዚህ ከመሰቀሉ በፊት ጠዋት 3፣ ቀትር 6 እና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጣሪያውን እዩ፤ የሮቶውን፣ የኒሙን ዛፍ፣ የጎረቤት ፎቁን ጥላ በኖራ ምልክት አድርጉ።

የድሬ ሙቀትም የራሱን ይቀንሳል። ፓነል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ግንቦት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከተጻፈበት ጉልበት ከአሥር በመቶ በላይ ያጣል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ ይሰቀል። ወደ ደቡብ አሥር ዲግሪ ያህል ዘንበል ካለ አቧራውን ዝናቡ ያጥበዋል፤ ዝናብ በሌለበት ወር ጠዋት በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል በውሃ ይጠረግ።

በሙቀቱ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ባትሪው ነው። ጎረቤቴ የገዛው ጄል የሚባለውን፣ የእርሳሱን ዓይነት ነበር፤ ዋጋው ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቴሌቪዥን እንኳ ግማሽ ሰዓት አላስኬደም። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየአሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፣ ደግሞም ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ በአምስት ዓመት ቢያንስ ሁለቴ ትገዙታላችሁ። ሐረር ላለ ሰው ይህ ያን ያህል አያሳስብም፣ ቬንትሌተርም አያስፈልገው። ድሬ ላይ ግን ሊትየም፣ እሱም ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ሥር።

ሊትየም ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የተጻፈበትን አይይዝም። ያገለገለ ሴል አዲስ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይመጣል። ክብደቱ ይናገራል፤ 25.6 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ከሃያ ኪሎ ብዙ ካነሰ ጠርጥሩ። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ሙከራ ነው፦ ሙሉ ሞልታችሁ ቆጣሪውን አጥፉ፣ 300 ዋት የሚሆን ዕቃ ሰክታችሁ ሰዓት ያዙ። ስድስት ሰዓት መድረስ የሚገባው በሦስት ካቆመ ግማሹን ነው የሸጡላችሁ። ይህንን ሙከራ ቀሪው ክፍያ ሳይከፈል ለማድረግ ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እኔ የተስማማሁት በጽሑፍ ነው፣ ሻጩ ትንሽ ፊቱን ቢያጠቁርም።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ባትሪውና ኢንቨርተሩ በአንድ ባጃጅ ይጫናሉ፤ ጣሪያ ላይ የተበሳው ቆርቆሮ ግን ከአከራይ ጋር የሚያጋጭ ነገር ስለሆነ፣ ፓነሉን ሳትሰቅሉ በፊት ስንወጣ የማን እንደሚሆን ውሉ ላይ አስጽፉ።